ስለ ብድር አጠያየቅ

ብድር የሚሻ ሰው ገንዘቡን የሚያገኝበትን ቃል ይመርጣል እንጂ፥ የተጠየቀው ሰው ሳያፍር «አልቻልሁም» የሚልበትን ቃል አይመርጥም። በአገራችን ደግሞ ወዳጅን ፊት ለፊት «የለኝም» ማለት እንደ ነውር ይቈጠራል። እንግዲህ በይሉኝታ የወጣ «እሺ» ፈቃድ ነውን ወይስ ግዳጅ?

አንድ የምናውቀው ሰው በመስከረም ወር ለልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ 6 ሺህ ብር ጐደለው። በማኅበር ቀን ጠበል ጻዲቁ ተቀምሶ ሰው ሳይነሣ፥ አጠገቡ የተቀመጠውን ወዳጁን «ካንተ በቀር ማን አለኝ? ስለ እመቤታችን ብለህ አታሳፍረኝ» አለው። ወዳጁም እሺ አለ። ነገር ግን በእጁ ስላልነበረው ከሌላ ተበድሮ ሰጠ፤ ከዚያም ወዲህ ያን ሰው በሩቅ ሲያይ መንገድ ይለውጥ ጀመር። ከአበዳሪው የሚሸሽ ተበዳሪ ብዙ አይተናል፤ እዚህ ግን የሸሸው አበዳሪው ነው።

ይህ ሰው ወዳጁን በሦስት ገመድ አስሮታል፤ በሰው ፊት ጠየቀው፥ ሌላ የለኝም አለው፥ በእመቤታችን ስም ያዘው። ከዚህ በኋላ «ካልተመቸህ ተወው» ብሎ ቢጨምር እንኳ ቃሉ ከንቱ ነበር።

እንዲህ ቢለውስ? ለብቻው አግኝቶ፦ «እስከ ኅዳር 30 ቀን የምመልሰው 6 ሺህ ብር እፈልጋለሁ። ሌላ ሰውም ልጠይቅ አስቤአለሁ። አሁን አትመልስልኝ፤ እስከ ዓርብ ካልላክህብኝ እንዳልተመቸህ ዐውቄ ወደዚያ እሄዳለሁ፤ ነገሩንም ዳግመኛ አላነሣውም።» ልኩና ቀኑ ስለ ተነገረው ወዳጁ በቤቱ ሆኖ ሒሳቡን ያያል። ዝምታው መልስ ስለ ሆነለትም ምክንያት ፈጥሮ አይዋሽም። ሌላ የሚጠየቅ ሰው በእውነት ከሌለ ግን፥ አለ ማለት ሐሰት ነውና ይቅር፤ የቀረው ቃል ይበቃል።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል 5፥42 ሊበደር የሚሻውን እንዳንመልስ አዝዞ የለምን? የሚል ይኖር ይሆናል። አዎን፥ አዝዟል፤ ትእዛዙ ግን ለተጠየቀው ነው። ጠያቂው ጥቅሱን አንሥቶ ወንድሙን ሲይዝበት የሌላውን ትእዛዝ ራሱ አስፈጻሚ ሆነ። በዚህ ነገር እኛ ካህናት ከሁሉ ይልቅ ልንፈራ ይገባናል፤ የንስሐ ልጃችንን ብንጠይቅ፥ ቃላችን ምንም ቢለሰልስ እምቢ ማለት አይሆንለትም። እንዲህ ላለው ሰው የሚቀል አጠያየቅ አላገኘንም፤ ስለዚህ ከእርሱ አንበደርም።

ያ ሰው በሚከተለው ዓመት ዳግመኛ ቸገረው፤ ሌላ ወዳጁንም እንደዚህ ጠየቀው። ዓርብ አለፈ፥ መልእክት አልመጣም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተገናኙ፤ እንደ ወትሮው ተሳሳሙና ስለ ዝናሙ እየተጫወቱ አብረው ወረዱ።