ከሜዳ ወጥታችሁ ወዴት ነው የምትሮጡት?

ልጆቼ፣ ባለፈው እሑድ አይከል ላይ የተጫወታችሁትን ከዳር ቆሜ አይቻለሁ። እስከ 60ኛው ደቂቃ የሚያቆማችሁ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ አንዱ ባቱን ይዞ ወደቀ፣ ሌላው ጉልበቱን ተደግፎ ቆመ፤ ኳሷንም ከእግራችሁ ሥር እየወሰዱባችሁ አለፉ። ሲመሽ ደግሞ ላብ ያራሰውን ማሊያ እንኳ ሳትቀይሩ ድራፍት ቤት ስትገቡ አየሁ። በወጌሻነት የስንቱን ልጅ እግር ሳሽ የኖርኩ ሰው ነኝና ዝም ብል እግዚአብሔር ይታዘበኛል።

ምሳ ምን በላችሁ ብዬ ብጠይቅ አንዱ ማኪያቶ በዳቦ አለኝ፤ ሌላው 8 ሰዓት ላይ ጥብስ። ጨዋታው 10 ሰዓት ነው! ሥጋና ቅባት ከሆድ ቶሎ አይወርዱም፤ የ8 ሰዓቱ ጥብስ የመጀመሪያው አጋማሽ ሲጋመስ ገና ጨጓራ ውስጥ ነው። በማኪያቶ የገባው ደግሞ ጡንቻው የያዘው ስንቅ በሁለተኛው አጋማሽ ያልቅበታል። ምሳችሁ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይሁን፤ እንጀራ በስስ ሽሮ፣ ወይም ሩዝ በድንች፣ ዘይቱና በርበሬው ቀለል ብሎ። 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከዚያው ጋር ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀስ ብሎ ይጠጣ። 8 ሰዓት ላይ ሽንቱ አሁንም የጠቆረ ቢጫ ከሆነ አንድ ብርጭቆ ይጨምር። እረፍት ላይ ጥቂት ጥቂት መጎንጨት እንጂ አንድ ሊትር በአንድ ትንፋሽ መጋት ሆድን መንፋት ነው። የደጋው ነፋስ ላብን ቶሎ ስለሚያደርቅ አላላበኝም ትላላችሁ፤ ማሊያችሁ ጀርባ ላይ የሚቀረውን ነጭ የጨው መስመር ተመልከቱ እስቲ። ወደ ገንዳ ውሃ ቆላ ወርዳችሁ ስትጫወቱ ደግሞ የሚፈሰው ከዚህ ይብሳል።

ጨዋታ ረቡዕና ዓርብ ሲውል እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ አላችሁ፤ እግዚአብሔር ይቀበላችሁ። በቀረችው አንድ ሰዓት ግን ሙሉ ምሳ አይፈጭም። ስለዚህ ትልቁ ማዕድ የዋዜማው እራት ይሁን፤ ውሃውንም እስከ መኝታ ጠጡ። 9 ሰዓት ሲሞላ በሶ በውሃ በጥብጣችሁ፣ ስኳርና ቁንጥር ጨው ጨምራችሁ አንድ ኩባያ ብቻ ጠጡ። ከዚህ ያለፈው የንስሐ አባታችሁ ጉዳይ ነው እንጂ የአሰልጣኝ አይደለም።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የጨዋታ ቀን ሲደርስ ገብሱን ከዋዜማው ታምስ ነበር። ሽታው ከጓዳ ወጥቶ ግቢውን ይሞላዋል። በሶውን በጨርቅ ቋጥራ፣ ውሃውን በእንስራ አሸክማ ሜዳ ዳር ትመጣለች፤ ጨዋታው ሲያልቅም ያሸነፈ የተሸነፈ ሳትል ለልጁ ሁሉ በጥብጣ ታጠጣለች። ከእሷ ኩባያ ሳይቀምስ ወደ ቤቱ የሚሄድ ልጅ አልነበረም።

እናንተ ግን የምትሄዱት ወደ ድራፍት ነው! ይህን ነገር አልታገሥም። እስቲ አስሉት። ከጨዋታ በፊት በእህል ነጋዴው ሚዛን ላይ 60 ኪሎ የነበረ ልጅ ሲወጣ 58 ተኩል ከሆነ፣ የጎደለው ኪሎ ተኩል ከሞላ ጎደል ውሃ ነው። የጎደለውን ብቻ ቢጠጣ አይበቃም፤ ከፊሉ በሽንት ይወጣልና እስከ መኝታ ድረስ ሁለት ሊትር ከሩብ ያህል በየጊዜው መጠጣት አለበት። ውሃውን በሰውነቱ የሚያቆይለት ጨው ከወጡ ይገኛል፤ ያለ ምግብ የተጠጣ ውሃ ቶሎ ይሸሻል። አልኮል ደግሞ ኩላሊት ውሃ እንዳይዝ ያደርጋል፤ የተጎዳ ጡንቻ የሚጠገንበትንም ሥራ ያዘገያል። ከሁሉ የከፋው የእራቱን ቦታ መውሰዱ ነው። ሁለት ሦስት ድራፍት የጠጣ ልጅ ሳይበላ ይተኛል።

ጡንቻ ስንቁን የሚመልሰው በአንድ ሌሊት አይደለም፤ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ይፈጃል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው በጥቂት ቀናት ልዩነት ይደረጉ ነበር። እንዲያ ባለ ውድድር ሳይበላ የተኛ እግር ለሚቀጥለው ጨዋታ አይደርስም። የእናንተም የቀበሌ ውድድር በየሁለት ቀኑ ነው። ስለዚህ ቤት በገባችሁ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እራት ብሉ፤ እንጀራው ይብዛ፣ ሦስት እንቁላል ወይም በጾም ቀን ሞላ ያለ የምስር ወጥ ይኑርበት።

ባት የሚሸማቀቀው በውሃ ማነስ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የዛለ ጡንቻም ይሸማቀቃል። ሳይበላና ሳይጠጣ የገባ ግን ቀድሞ ይዝላል፤ እሑድ ያየሁት ይህንኑ ነው። እናንተ አምበሎች፣ ለቅዳሜው ጨዋታ ከምታዋጡት ገንዘብ ላይ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በጀሪካን፣ የተቀቀለ ድንችና ጨው ሜዳ ዳር አስቀምጡ። ሁለት ድንች ሳይበላና ሁለት ብርጭቆ ሳይጠጣ ከሜዳ የሚወጣ ልጅ እንዳይኖር በሩ ላይ ቁሙ፤ እኔም እመጣለሁ።