ያልተሰጠህን ዲግሪ አትጻፍ

በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለተቀመጥሁ በመቶዎች የሚቆጠሩ ማመልከቻዎችን አንብቤአለሁ። ሰው ስለ ሥራ ልምዱ ሲጽፍ ትንሽ ከፍ ማድረጉን ለምጄዋለሁ። «ቡድን መርቻለሁ» ያለው ሁለት ሰው መርቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን በጥያቄ አጥርቼ እደርስበታለሁ። የትምህርት ክፍሉ ግን እንደዚያ አይደለም። እዚያ የምትጽፈው ስለ ራስህ ያለህን አስተያየት ሳይሆን ሌላ አካል ስለ አንተ የወሰነውን ውሳኔ ነው። ዲግሪ የሚሰጠው ተቋሙ ነው፤ የሚፈርመውም ተቋሙ ነው። ያልተሰጠህን ዲግሪ ስትጽፍ ራስህን አጋነንህ ማለት ብቻ አይበቃም፤ በሌላ ሰው ስም ፈርመሃል። ስለዚህ ነገሩን በስሙ እጠራዋለሁ፦ ሐሰተኛ ምስክርነት ነው።

አንድ ልጅ ነበር። ስሙንም ኮሌጁንም አልጠራም። የሒሳብ ሠራተኛ ለመቅጠር ማስታወቂያ አውጥተን ነበር፤ መስፈርቱም በአካውንቲንግ ዲግሪ ወይም ሌቨል 4 ከነሲኦሲው፣ ከ2 ዓመት የሥራ ልምድ ጋር ይላል። የልጁ ሲቪ በትምህርት ክፍሉ አንድ መስመር ብቻ ነበረው፦ «ቢኤ ዲግሪ፣ አካውንቲንግና ፋይናንስ፣ 2012–2015 ዓ.ም.»። ለፈተና የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ሰጠነው፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ከሁሉም ቀድሞ አገኘው። ማስረጃ ስንጠይቀው ስቱደንት ኮፒ አመጣ፤ «ዋናው ዲግሪ ክሊራንስ ላይ ነው» አለን። ስቱደንት ኮፒው ላይ ኮርሶቹ በሙሉ ከነውጤታቸው ነበሩ፤ የምረቃ ቀን የሚጻፍበት ቦታ ግን ባዶ ነበር። ያን ባዶ ቦታ ማየት ነበረብን፤ አላየንም። ይህ የእኛ ጥፋት ነው። ልጁ ሥራ ጀመረ፤ እኛም እንደ ልማዳችን ለሬጅስትራሩ የማጣሪያ ደብዳቤ ላክን።

መልሱ በሰባተኛው ሳምንት መጣ። ኮርሶቹን አጠናቋል፤ የመውጫ ፈተናውን ስላላለፈ ዲግሪ አልተሰጠውም፤ ይላል። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም በግልም ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ሁሉ የሚወስደው ነው። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ያላለፈ በድጋሚ መፈተን ይችላል፤ እስኪያልፍ ድረስ ግን ዲግሪ የለውም። ጋውን ለብሶ ፎቶ ቢነሣም፣ ቤተሰቡ ድግስ ቢደግስለትም የለውም።

ልጁን ጠርተን ጠየቅነው። «የቀረኝ ፈተና ብቻ ነው፤ ትምህርቱን ጨርሻለሁ» አለ። ትምህርቱን መጨረሱ እውነት ነው። ሲቪው ላይ የጻፈው ግን «ትምህርት ጨርሻለሁ» የሚል ሳይሆን «ዲግሪ አለኝ» የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነገር ደግሞ እስካሁን ያንገበግበኛል። ልጁ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት ሌቨል 4 ጨርሶ ሲኦሲውን አልፎ ነበር፤ በዚያው ሙያም ከ2 ዓመት በላይ ሠርቷል። ማስታወቂያችን የጠየቀውን በሙሉ በእጁ ይዞ ነበር ማለት ነው። «ታዲያ ለምን አልጻፍኸውም?» አልሁት። «ሌቨል ሲጻፍ ሰው ይንቃል ብዬ አወጣሁት» አለኝ። ሥራውን የሚያሰጠውን እውነተኛ ወረቀት ቀዶ ሥራውን የሚያሳጣውን ሐሰት ተካበት። ይህን ያደረገው ስላልተማረ አይደለም፤ በተማረው ስላፈረ ነው።

መጻፍ የነበረበት ሁለት መስመር ነው። አንዱ «አካውንቲንግ፣ ሌቨል 4፣ ሲኦሲ ያለፈ፣ 2009 ዓ.ም.»። ሌላው «የቢኤ ትምህርት፣ አካውንቲንግና ፋይናንስ፣ 2012–2015 ዓ.ም.፤ ኮርሶች ተጠናቀዋል፤ ለዲግሪው የመውጫ ፈተና ይቀራል»። ስንት እንዳገኘ መጻፍ አይጠበቅበትም፤ ማንም ያን አልጠየቀውም። የሚጠበቅበት «ቢኤ ዲግሪ» የሚለውን ቃል ዲግሪው እስኪሰጠው ድረስ አለመጻፍ ብቻ ነው።

ትምህርቱን መሐል ላይ ያቋረጠ ሰውም እንዲሁ ነው። በገንዘብ፣ በሕመም፣ በጦርነት ወይም በስደት ያቋረጠ ብዙ ሰው አለ፤ ማቋረጥ ጥፋት አይደለም። የዘርፉን ስም፣ የተቋሙን ስም፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደተማርህ፣ ስንት ክሬዲት እንዳጠናቀቅህ ጻፍ፤ «ዲግሪ አልተሰጠም» የሚለውን ጨምርበት። ከ140 ክሬዲት 102ቱን የጨረሰ ሰው ብዙ ሠርቷል፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገርለታል። አንዳንዶቻችሁ ግን ዲግሪ የሚለውን ቃል ሳትጽፉ የዘርፉን ስምና ዓመታቱን ብቻ ትደረድሩና አንባቢው ራሱ «ተመርቋል» ብሎ እንዲደመድም ትተዉታላችሁ። ሲጠየቅም «እኔ መቼ ተመረቅሁ አልሁ?» ይባላል። አንባቢው እንዲሳሳት አስበህ ካዘጋጀኸው መስመሩ ውስጥ ሐሰተኛ ቃል አለመኖሩ ነፃ አያወጣህም።

ይህ የድሀ አገር ሥራ ፈላጊ ችግር ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ የያሁን ነገር ያስታውስ። ስኮት ቶምሰን በጥር 2012 እ.ኤ.አ. የዚያ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ። ኩባንያው ለመንግሥት ባስገባው ሰነድ ላይ ከስቶንሂል ኮሌጅ በአካውንቲንግና በኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ እንዳለው ተጽፎ ነበር። የአካውንቲንጉ እውነት ነው፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ተመርቋል። የኮምፒውተር ሳይንሱ ግን አልነበረም፤ ኮሌጁ በዚያ ዘርፍ ዲግሪ መስጠት የጀመረው እሱ ከወጣ ከ4 ዓመት በኋላ ነው። አንድ የኩባንያው ባለ አክሲዮን ይህን አጣርቶ አወጣው፤ ቶምሰንም በግንቦት ወር ከሥልጣኑ ወረደ። የአምስት ወር እንኳ ዕድሜ አልነበረውም። የኛ ልጅ ሌቨል 4 በእጁ እንደነበረው ሁሉ፣ እሱም እውነተኛ ዲግሪና ረጅም የሥራ ልምድ በእጁ ነበረው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ በባሕር ማዶ ወዳላችሁት። ዋሽንግተንም ሁኑ ፍራንክፈርት፣ ከኢትዮጵያ ይዛችሁት የሄዳችሁትን ዲግሪ ስታስገቡ ሁለት ዓይነት ጥፋት አይባችኋለሁ። አንዳንዶቻችሁ ዲግሪውን ራሳችሁ ትተረጉሙታላችሁ። «ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል» ብሎ መጻፍ ያንተ ሥልጣን አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራሉ የትምህርት ሚኒስቴር ራሱ የውጭ ዲግሪ አይገምትም፤ ግምቱን የሚሠሩት የግል ገምጋሚ ድርጅቶች ናቸው፤ እነሱም ከአገር ቤት ሬጅስትራር የሚላክ ማስረጃ ይጠይቃሉ። በጀርመን ደግሞ አናቢን የሚባል የመረጃ ቋት አለ፤ የተማርህበት ተቋም እዚያ እንዴት እንደተመደበ ማንም ገብቶ ያያል። በተለይ በአገራችን የብዙ ዘርፍ ዲግሪ 3 ዓመት በነበረበት ዘመን የተመረቃችሁ፣ ገምጋሚው ምን እንደሚል ቀድማችሁ አትወስኑለት። የዲግሪህን ስም በወረቀቱ ላይ እንዳለው፣ ከነአገሩ ጻፍ፤ ግምት ካሠራህ ገምጋሚውንና የሰጠውን ቃል ከሥሩ አስቀምጥ፤ ካላሠራህ ዝም በል።

ሌሎቻችሁ ደግሞ ዲግሪያችሁን ጨርሶ ትሰርዙታላችሁ። ነርስ ሆና ተመርቃ «ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀች» ብላ የጻፈች እህት አውቃለሁ፤ «የኛ አገር ዩኒቨርሲቲ እዚህ ማን ያውቀዋል?» ነው ያለችኝ። ይህም ያው ነው። አስተማሪዎቿ የሰጧትን ውጤት፣ ወላጆቿ የከፈሉላትን ዓመታት ከመዝገብ ፋቀች። ዓመቱን ስትጽፉም ተጠንቀቁ፤ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው «2008» ብሎ ብቻ ከጻፈ የውጭ አንባቢ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ዲግሪው ላይ በፈረንጅ ከተጻፈው ቀን ጋርም ይጋጭበታል።

ተቋሙ የማይታወቅ ከሆነ መድኃኒቱ ማድመቅ አይደለም፤ ማስረዳት ነው። ከተማውን፣ የግል ይሁን የመንግሥት፣ እውቅናውን ማን እንደሰጠው በአንድ መስመር ጻፍ። ስሙ ተቀይሮ ከሆነ በወረቀትህ ላይ ያለውን ስም አስቀድመህ የዛሬውን ጨምር፤ የዓለማያ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያለው ሰው «ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ» ቢል አንባቢው ሳይቸገር ያገኘዋል። እውቅናውን ግን በኮሌጁ ስም ብቻ አትመን። በአገራችን እውቅና የሚሰጠው ለየትምህርት ዘርፉ፣ ለየካምፓሱና ለየአሰጣጡ ነው። በመደበኛ የተፈቀደለት ኮሌጅ በርቀት ላይፈቀድለት ይችላል፤ አዲስ አበባ ያለው ካምፓስ የተፈቀደለትን ክፍለ ሀገር ያለው ላይኖረው ይችላል። አንተ የተማርህበት ዘርፍ፣ ቦታና ዓመት መፈቀዱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጠይቅ። ካልተፈቀደ ዲግሪ ብለህ አትጻፍ፤ ያገኘኸውን እውቀት በሥልጠና ክፍል አስቀምጠው። ሳትጠይቅ ቀርተህ «አላውቅም ነበር» ብትል ተቀባይነት የለውም፤ ብርህን ከፍለህ አራት ዓመት የተመላለስህበትን ቤት ማወቅ ያንተ ግዴታ ነበር።

ልጁን አሰናበትነው። ከሳምንት በኋላ የሌቨል 4 ወረቀቱንና ሲኦሲውን በፖስታ ይዞ ተመልሶ መጣ፤ ሲቪውንም አስተካክሎታል። በሩ ላይ ቆሞ «ይህንንስ ትቀበሉታላችሁ?» አለኝ። እንቀበለው ነበር። ቦታው ግን በሁለተኛነት ለወጣችው ልጅ ተሰጥቶ ነበር፤ የእሷ ሲቪ የትምህርት ክፍል የያዘው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ሌቨል 4፣ ሲኦሲ ያለፈች።