ነገሩ ስሙ ማን ይባል?

አንድ ነገር ደርሶ የሚመለከተው ሰው ብዕሩን ሲያነሳ፣ ገና አንድ ቃል ሳይጽፍ አንድ ፍርድ ሰጥቶ ጨርሷል። የሆነው ነገር አደጋ ነው? ለጥቂት የሳተ አደጋ ነው? ወይስ እንዲያው ስሞታ? ይህ ፍርድ በወረቀቱ ላይ አይታይም፤ የትኛው ወረቀት እንደሚሞላ የሚወስነው ግን እሱ ነው። የስሞታ ወረቀት ወደ ጠጋኝ ይሄዳል፤ ጠጋኝ የተጻፈለትን ይጠግናል። የአደጋ ወረቀት ወደ መርማሪ ይሄዳል፤ መርማሪ ያልተጻፈውንም ይጠይቃል። ታዲያ ያ ድምፅ የሌለው ፍርድ በምን ሚዛን ይሰጥ? የምናነሳው ጥያቄ ይኸው ነው።

እስቲ አንድ የታወቀ ነገር እንመልከት። ጥቅምት 28 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. የላዮን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ከባሊ ደሴት ወደ ጃካርታ ተነሳ። የአፍንጫውን አቅጣጫ ከነፋሱ ጋር የሚለካው የግራ መሣሪያ በዚያው ዕለት ተለውጦ ነበር፤ አዲሱ ግን 21 ዲግሪ ያህል ይዋሻል። አውሮፕላኑ መሬት ከመልቀቁ የካፒቴኑ መሪ «ልትወድቅ ነው» እያለ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቀጥሎም አንድ አውቶማቲክ ሥርዓት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ደፈቀው። በዕለቱ ተረኛ ያልሆነ ሌላ አብራሪ እንዳጋጣሚ አብሯቸው ተቀምጦ ስለነበር እሱም ያግዛቸው ገባ። ካፒቴኑ ሥርዓቱ የሚሠራበትን ኤሌክትሪክ ቆረጠ፤ ጉዞውን በእጅ እየነዱ ጃካርታ በሰላም ደረሱ።

ከዚያ በጥገናው መዝገብ ላይ ምን ተጻፈ? የፍጥነትና የከፍታ ንባቦች አለመስማማታቸው፣ አንድ የማስጠንቀቂያ መብራትም መብራቱ። የመሪው መንቀጥቀጥ አልተጻፈም። ኤሌክትሪኩ መቆረጡም አልተጻፈም። ለኩባንያው የተላከው ሌላ ሪፖርት ጥቂት ቢጨምርም፣ የሚያልቀው በሰላም አረፍን በሚለው ነው። መካኒኮቹ በመዝገቡ ያነበቡትን ሠሩ፤ የአየር ማስገቢያዎቹን አጠቡ፣ የሽቦ መገናኛ አጸዱ፣ ፈተሹ፣ ደህና ነው አሉ። የሚዋሸውን መሣሪያ የነካ የለም። በማግስቱ ጥቅምት 29 ያው አውሮፕላን ጃቫ ባሕር ውስጥ ገባ፤ 189 ሰዎች አለቁ። በመጋቢት 10 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያንኑ ሥርዓት የያዘ ሌላ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነስቶ ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች እንዳለቁ ማናችንም አንረሳውም።

እዚህ ላይ ዋሸ የሚባል አብራሪ የለም። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ሥርዓቱ መኖሩንም ማንም አልነገራቸውም ነበር። የኢንዶኔዥያ መርማሪዎች ግን በኋላ እንደደረሱበት፣ ያ የመጀመሪያው በረራ በዓለም አቀፉ ደንብ «ከባድ ክስተት» መባልና መመርመር ነበረበት። ደንቡ እንደሚለው ከባድ ክስተት ከአደጋ የሚለየው በውጤቱ ብቻ ነው። እንግዲህ ፍሬ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ ሰዎች ለነገሩ ስም የምናወጣው ከፍጻሜው ተነስተን ነው። ሰው ካልሞተ «ተመስገን!» እንላለን፤ ምስጋናው መልካም ሆኖ ሳለ ፋይሉንም አብሮ ይዘጋዋል።

ስለዚህ ሚዛኑ «ምን ደረሰ?» ብቻ ሊሆን አይችልም። «እንዳይደርስ ያገደው ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ያገደው አስቀድሞ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መከላከያ ከሆነና እንደታሰበው ከሠራ፣ ነገሩ የጥገና ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ያገደው አጋጣሚ ከሆነ፣ ማለትም ተረኛ ያልሆነ ሰው እዚያ መገኘቱ ወይም የአንድ ሰው ብልሃት ከሆነ፣ ነገ ያ ሰው አይኖርም። ያ ለጥቂት የሳተ አደጋ ነው፤ ስሙም እንደዚያው ይጻፍ።

«ኧረ ሁሉን አደጋ ካላችሁት መርማሪው በወረቀት ተቀብሮ ይቀራል» የሚሉን አሉ። እውነት አላቸው። የቀዘቀዘ ምግብ የቀረበለት መንገደኛ ስሞታ አለው፤ የሚገባውም መልስና ይቅርታ እንጂ ምርመራ አይደለም። ነገር ግን ያው መንገደኛ «ወለሉ ጢስ ጢስ ይላል» ካለ፣ ስሞታ አቀረበ ተብሎ ነገሩ ስሞታ አይሆንም። የተናጋሪው ቁጣ ወይም ትሕትና የነገሩን ዓይነት አይወስንም።

ስም ሳይወጣ መጻፍ አይቻል ይሆናል፤ ቅጹ ራሱ ስም ይጠይቃልና። ቢያንስ ግን ስሙን የምናወጣው እጃችን የነካውን ሁሉ ከቆጠርን በኋላ ይሁን፤ ምን ተንቀጠቀጠ፣ ምን ቆረጥን፣ ማን አገዘን። የተቆረጠው ኤሌክትሪክ በመዝገቡ ላይ በአንድ መስመር ቢጻፍ ኖሮ፣ መካኒኩ ሌላ ጥያቄ ሊጠይቅ ይችል ነበር። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ቅጠሉን የሚያነሳው ግን ጢሱን ጢስ ብሎ የጠራ ሰው ነው።