ሥጋ የሌለበት ኢፍጣር ለጎረቤቶቻችን



ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሾርባ ስንሠራ ውኃውን አብዝተን ለጎረቤት እንድናካፍል አዘዋል። ሐዲሱ የጎረቤቱን ሃይማኖት አልለየም። ሶሐባው ዐብደላህ ኢብን ዐምርም ቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ በቅድሚያ የጠየቁት ለአይሁዳዊው ጎረቤታችን ልካችሁለታል ወይ ብለው ነው። ስለዚህ «ሙስሊም ያልሆነን ሰው ለኢፍጣር መጥራት ይቻላል?» ለሚለው ጥያቄያችሁ መልሱ አጭር ነው፤ ይቻላል። በሱረቱል ሙምተሒና 8ኛው አንቀጽ አላህ በሃይማኖታችን ላልተዋጉን ሰዎች በጎ ከመዋል አልከለከለንም። እኔ ዛሬ መናገር የምፈልገው ስለ ማዕዱና ስለ ሰዓቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነውና።

ዘንድሮ (እ.ኤ.አ. 2026) የኦርቶዶክሶች ሁዳዴ በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ረመዳን ገባ። ከላይ ፎቅ ያለው ሐበሻ ጎረቤታችሁ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይነካም ማለት ነው። ጾሙ ባይሆንም እንኳ አገር ቤት ክርስቲያኑ የሙስሊም እርድ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን እርድ እንደማይበላ ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል። እዚያ ሰርግ ላይ ለየብቻ ታርዶ፣ ለየብቻ ተሠርቶ ይቀርባል። ባለ ሁለት ክፍል አፓርታማ ውስጥ ግን ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ፣ ሁለት ማዕድ ማን ይችላል?

ስለዚህ የእኔ ምክር ለዚያ ምሽት ሥጋውን ጨርሶ መተው ነው። «ያለ ሥጋ ምን ኢፍጣር አለ?» የሚሉ እናቶች አይጠፉም፤ የሥጋው ሳምቡሳ ለነገ ይቆይላቸዋል። ተምር፣ በአትክልት የተሠራ የአጃ ሾርባ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ በዘይት የተሠራ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ፍራፍሬ። ይህን ኦርቶዶክሱም፣ ሥጋ የማይበላው ሂንዱም፣ እኛም አንድ ትሪ ላይ እንበላዋለን። ሆኖም የጾም ምግብ የሚበላሸው በትንሽ ነገር ነው። የምስሩ ሳምቡሳ ትናንት የሥጋው በተጠበሰበት ዘይት ከተጠበሰ የጾም አይደለም። ሽሮው ላይ ለማጣፈጫ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጠብ ያደረገ ሰውም ለእንግዳው ሳይነግር የማይፈልገውን አበላው። ከሱቅ የሚገዛ ባቅላባ ብዙ ጊዜ ቅቤ አለው፤ ማሸጊያውን አንብቡ።

ሃይማኖቱን የሚጠብቅ አይሁዳዊ ከመጣ ሥጋ አለመኖሩ ብቻ አይበቃውም፤ ድስቱና ሳህኑም ያሳስበዋል። ቀድማችሁ ጠይቁት። ያልተቆረጠ ፍራፍሬና ኮሸር ምልክት ያለበት የታሸገ ምግብ ከወረቀት ሳህን ጋር ማዘጋጀት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ቀኑንም ለእርሱ ብላችሁ አስቡበት። ሰንበቱ ከዓርብ ጀምበር መጥለቂያ እስከ ቅዳሜ ምሽት ከዋክብት እስኪታዩ ስለሆነ፣ የቅዳሜ መግሪብ ላይ መኪና ነድቶ አይመጣም። እሑድ ይሻላል።

ለምሳሌ ዋሽንግተን ውስጥ ማርች 15፣ እሑድ ቀን፣ ጀምበር የምትጠልቀው ከምሽቱ 7 ሰዓት ከ14 ገደማ ነው። ግብዣው ላይ «ጀምበር ስትጠልቅ» ብላችሁ አትጻፉ፤ አንዱ 6 ሰዓት፣ ሌላው 8 ሰዓት ይመጣል። በተለይ ሰዓት አንድ ወደፊት በሚገፋበት በማርች ሳምንት ከፊት ሳምንት የታወሰ ሰዓት ሁሉን ያሳስታል። «6፡45 ኑ፣ 7፡14 ላይ እናፈጥራለን፣ እስከ 8፡30 አብረን እንቆያለን» ብላችሁ ጻፉ። መጨረሻውን መናገር ነውር የሚመስላችሁ ካለ፣ ተራዊሕ እንዳለ ንገሯቸው፤ ይገባቸዋል። መጠጥ ይዘው መጥተው እንዳያፍሩም «አልኮል ቤታችን አይገባም» የሚለውን እዚያው ላይ አስገቡት።

ሰዓቱ ሲደርስ የዘገየ እንግዳ አትጠብቁ። ኢፍጣርን ማፍጠን ሱና ነው፤ በተምር፣ እሱ ከሌለ በውኃ ይፈታል። እንግዶቹም ያኔውኑ አብረው ተምር ይያዙ። ከእናንተ ቀድሞ ውኃ የጠጣ ካለ ግን አትቆጡት፤ እሱ ጾመኛ አይደለም።

ከዚያ መግሪብ። ሁላችሁም ተነሥታችሁ ሌላ ክፍል ስትገቡ እንግዳው ከሾርባው ጋር ብቻውን ይቀራል፤ ይብላ ወይስ ይጠብቅ አያውቅም። «አሥር ደቂቃ እንሰግዳለን፣ እናንተ ሾርባውን ጀምሩ» በሉት። አንዳችሁም አብራችሁት ቁዩና ሌሎቹ ሲመለሱ ስገዱ፤ የመግሪብ ወቅት እዚያ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚቆይ አያልፋችሁም። ማየት የፈለገ እንግዳ ከኋላ ይቀመጥ፤ ያልጠየቀውን ግን አትጋብዙት።