«ልጄ፣ ገላግለኝ» ቢሉን ምን እንመልሳለን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በክፍላችን ለክርክር የተመረጠው ርእስ «በማይድን ደዌ የሚሠቃይ ሰው ሞቱን የመምረጥ መብት ሊኖረው ይገባል ወይስ አይገባም?» የሚል ነው። በኔዘርላንድስ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ሐኪም በሕግ የተወሰኑ ሁኔታዎችን አሟልቶ በበሽተኛው ጥያቄ ሕይወቱን ቢያሳልፍ አይቀጣም። በእኛ አገር ግን በርኅራኄ ስም ቢደረግም ሰው መግደል ወንጀል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 542 ሌላው ራሱን እንዲገድል ያነሣሣውን ወይም የረዳውን ይቀጣል። ይህን ስንሰማ ጉዳዩ የባዕድ አገር ነው እንል ይሆናል። እስቲ ወደ መንደራችን እናምጣው።

ከቡሬ ከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩ አንድ አባት አሉ እንበል። የፕሮስቴት ካንሰር ይዟቸው ወደ ወገብና ጭን አጥንታቸው ተሰራጭቷል። ሐኪሙ እንደማይድን ለበኩር ልጃቸው ነግሮታል፤ ልጁ ግን «ከሰሙ ይደነግጣሉ» ብሎ ደብቋቸዋል። ሌሊት እያቃሰቱ ያድራሉ። በሬዎቹ ለሕክምና ሊሸጡ መሆኑን ይሰማሉ። አንድ ሌሊት ልጃቸውን ጠርተው «ልጄ፣ ለእናንተም ሸክም ሆንሁ፤ አንድ ነገር ስጠኝና ገላግለኝ» ይሉታል።

ለመብት የሚከራከረው ወገን «ሥቃዩ የእሳቸው ነው፤ ውሳኔውም የእሳቸው ይሁን» ይላል። ይህ ቀላል ቃል አይደለምና አናንኳስሰው። ለሕይወት ክቡርነት የሚከራከረው ወገን ደግሞ ሕይወት ከእግዚአብሔር የተቀበልናት አደራ እንጂ የገዛናት ዕቃ አይደለችም ይላል፤ የሳኦልንም ታሪክ ያነሣል። በጌልቦዓ ተራራ የቆሰለው ሳኦል ግደለኝ ሲለው ጋሻ ጃግሬው ፈርቶ እምቢ አለ። በኋላ አንድ አማሌቃዊ «በልመናው ገደልሁት» ብሎ ለዳዊት ቢነግር ዳዊት በሞት ቀጣው። ሆኖም ተከራካሪዎች ይጠንቀቁ፤ ዳዊት የተቈጣው በተለይ እግዚአብሔር በቀባው ላይ እጁን ስላነሣ ነው። ታሪኩ ብቻውን ክርክሩን አይዘጋም።

ስለዚህ የአባትየውን ቃል መርምረን እንመልስ። በውስጡ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ሕመሙ ነው። እንዲህ ላለው የአጥንት ሥቃይ ሐኪም በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ያዛል። በትንሽ መጠን ተጀምሮ በየአራት ሰዓቱ ይሰጣል፤ ሥቃዩ እስኪታገሥም ቀስ በቀስ ይጨመራል። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ ይሰጣል። ለመቀስቀስ የሚያስቸግር እንቅልፍና የዘገየ ትንፋሽ ከታየ መጠኑ በዝቷልና ቶሎ ለሐኪም መንገር ይገባል። ብዙዎች «ሞርፊን ይገድላል» ብለው ይፈሩታል፤ ነገር ግን በዚህ አኳኋን የተሰጠ መድኃኒት ሥቃይን እንጂ ሰውን አይገድልም። ችግሩ በልዩ ማዘዣ የሚሰጥ በመሆኑ በየጤና ጣቢያው አለመገኘቱ ነው። እንግዲህ አስታማሚው ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሲደርስ «ይድናሉ ወይ?» ብሎ ብቻ አይመለስ፤ «ለሥቃያቸው ምን ማስታገሻ አለ? እዚህ ከሌለ የት ይገኛል?» ብሎ ይጠይቅ።

ሁለተኛው የበሬዎቹ ጉዳይ ነው። አባትየው «አዲስ አበባ አትውሰዱኝ፤ በቤቴ ልሙት» ቢሉ ራሳቸውን ገደሉ ማለት ነውን? አይደለም። የማያድን ሕክምናን መተው ደዌውን በመንገዱ መተው ነው፤ መርዝ መስጠት ግን መግደል ነው። ነገር ግን ወደዚያ መሄድ ለአጥንት ሥቃይ የሚረዳ የጨረር ሕክምና ሊያስገኝላቸው ስለሚችል ጥቅሙም ድካሙም ተነግሯቸው ራሳቸው ይወስኑ። የመብት ወገን በዚህ ላይ እውነት አለው።

ሦስተኛው ዝምታው ነው። ልጁ በፍቅር ደበቃቸው፤ ሆኖም ያልተነገረው ሰው ምን ሊመርጥ ይችላል? ንስሐ አባታቸውን ለመጥራት፣ ለመቍረብ፣ የተጣሉትን ለመታረቅ፣ ለመናዘዝ ጊዜያቸው እያለፈ ነው። በአንድ ጊዜ አይነገርም፤ «አባባ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ተብሎ ይጀመራል፤ የሚፈልጉትን ያህል ይነገራቸዋል።

ሥቃያቸው ከቀለለና እውነቱን ካወቁ በኋላም «ገላግለኝ» የሚሉ ይኖራሉን? አዎን፣ ጥቂቶች ይኖራሉ፤ ክርክሩም በእነርሱ ላይ ከባድ ነው። እኔ በዚያን ጊዜም ልጁ እጁን አያንሣ፣ ከአልጋቸውም አይራቅ እላለሁ። ነገር ግን ማስታገሻ ሳንፈልግላቸው፣ እውነቱን ሳንነግራቸው «ሕይወት ክቡር ነው» ብለን ብንከራከር ክብሩን በአፋችን ብቻ አከበርን። ሸክም አለመሆናቸውንስ ከእኛ ከልጆቻቸው በቀር ማን ይነግራቸዋል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።