ማስረዳትና ይቅር ማለት

ባለፈው ክረምት የኮምፒዩተር ጨዋታ የሚሠራ አንድ ወዳጄ ያልጠበቅሁትን ሥራ ሰጠኝ። አንዱ ምዕራፍ አልቆ ቀጣዩ እስኪጫን ድረስ ስክሪኑ ለጥቂት ሰኮንዶች ሥራ ይፈታል። በዚያች ክፍተት የሚነበቡ፣ የጨዋታውን ክፉ ሰው ያለፈ ሕይወት ቀስ በቀስ የሚገልጡ ስድስት ቁራጭ ጽሑፎች ጻፍልኝ አለኝ። ከሃያ ቃል እንዳይበልጡም አስጠነቀቀኝ።

ክፉው ሰው በድርቅ ዘመን የመንደሩን እህል ቆልፎ የያዘ፣ ሊያስከፍቱት ሲመጡም ጎተራውን ከነእህሉ ያቃጠለ ባለጠጋ ነው። ተጫዋቹ በመጨረሻ ይገድለዋል።

የመጀመሪያው ቁራጭ፣ «የጎተራውን ቁልፍ አንገቱ ላይ አስሮ ይተኛል» ይላል። ሦስተኛው፣ «በሰባት ዓመቱ ደጅ ቆሞ እፍኝ እህል ለመነ። በሩ ተዘጋበት» የሚል ነው። ስድስተኛው ደግሞ፣ «በዚያች ሌሊት ታናሽ ወንድሙ በእቅፉ ሞተ» ብሎ ይዘጋል። በሥራዬ ኮራሁ።

ጨዋታውን ለሙከራ የተጫወተ አንድ ወጣት ግን፣ «ምስኪን! እኔም ብሆን አቃጥለው ነበር» አለ። ደነገጥሁ። በረሀብ ስላለቁት የመንደሩ ሰዎች አንድ ቃል አልጻፍሁም ነበርና። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፤ እኔ ግን የተወጉትን ረስቼ የወጊውን ቁስል ብቻ ሳክም ከርሜያለሁ።

ጥፋቱ በከፊል የቅደም ተከተል ነበር። ቁራጮቹ በዕጣ ስለሚወጡ፣ ተሸንፎ ደጋግሞ የሚጀምር ተጫዋች ስድስተኛውን ከመጀመሪያው በፊት ያነበዋል። ወዳጄ እያንዳንዱን ከአንድ ምዕራፍ ጋር አሠረው፤ ፈጣን ኮምፒዩተር ላይም ሳይነበብ እንዳያልፍ፣ ተጫዋቹ ቁልፍ እስኪጫን እንዲቆይ አደረገ።

የቀረው የእኔ ዕዳ ነበር። ከግድያው በፊት የሚነበበው የመጨረሻ ቃል እንደ ፍርድ ይቆጠራል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው «ስፔክ ኦፕስ፦ ዘ ላይን» የተባለው ጨዋታ ይህን ያውቅበታል፤ በመጫኛው ስክሪን መጀመሪያ የአጨዋወት ምክር ይሰጣል፣ ኋላ ግን ተጫዋቹን ራሱን ስለ ሥራው ይወቅሰዋል። ተናጋሪው የማይታይ ቃል ይታመናል።

ስለዚህ የወንድሙን ሞት ወደ አራተኛ አወረድሁት። አምስተኛው፣ «እኅቱም ያንኑ ደጅ ቆማ ነበር። ዛሬ ያላትን ቁና እህል ከጎረቤት ጋር ትካፈላለች» ሆነ። ስድስተኛው፣ «እሳቱን ሲለኩስ ቁልፉ በእጁ ነበር። ከበሩ ውጭ ልጆች ቆመዋል» የሚል ነው።

ወዳጄ፣ «እኅቱ ስለ በረታች እሱ ሊኮነን ነው?» ሲል ሞገተኝ። ሙግቱ ከባድ ነው፤ ሰው ሁሉ እኩል ትከሻ የለውም። እኅቲቱ የምታሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንገዱ ያ ብቻ እንዳልነበረ። ረሀቡ እንዴት ክፉ እንደሆነ ያስረዳል፤ ቁልፉን ግን ከእጁ አይወስድለትም።

ያው ወጣት እንደገና ተጫወተ። ስድስተኛውን አንብቦ ቁልፉን ሳይጫን ብዙ ቆየ። ከዚያም ገደለው። በዚህኛው ጊዜ ምስኪን አላለም፤ ደስም አላለው።