ሲሮጡ የታጠቁት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት አባቶች ትጥቁን በዓይናቸው እያዩ ነው። የድሮው ድግ ረጅም ጨርቅ ነው። ወገብ ላይ ደጋግሞ ይጠመጠማል፤ ቆመው ካላጠበቁት አይይዝም። እየሮጠ የጠመጠመው ሰው ጫፉን በደንብ ሳይሸጉጥ ስለሚሄድ ዳገቱ መካከል ይላላበታል። ዛሬ ግን ተረቱን ለዘገየ ሁሉ መገሠጫ አድርገነዋል። ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ደንግጦ ለመጣ ተማሪ «የሠርግ ዕለት በርበሬ ቅንጠሳ» ብለን እናክልበታለን። እኔም ቆሼ ውስጥ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ ሳስጠና ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። ከአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጋር ያሳለፍኩት ሳምንት ግን ተረቱን እንደገና እንዳስብበት አደረገኝ።

ልጅቷ የመጣችው ሰባት ቀን ሲቀራት ነው። ዕቅዷ በየቀኑ አንድ ምዕራፍ አንብቦ ማስመር ነበር፤ 23 ምዕራፍ ወደኋላ ቀርታለች። «ጋሼ፣ ለሰባቱ ቀን አካፍዬዋለሁ፤ በቀን ሦስት፣ አንዳንዴ አራት ይደርሰኛል» አለችኝ። ለዚህ ስትል እንቅልፏን ወደ አራት ሰዓት አውርዳለች። ተረቱ የሚናገረው ስለዚህ ነው፤ የላላውን ትጥቅ ሩጫውን ሳያቆሙ መጎተት።

ያስመረችውን ሁሉ የምታውቀው ይመስላታል። ይህ ብዙዎችን ያታልላል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻሉ ነበሩ። ከሳምንት በኋላ ግን እነሱ 40 በመቶ ያህሉን ብቻ አስታወሱ። አንዴ አንብበው ሦስት ጊዜ ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት 61 በመቶ ያህል ያዙ። ማታ «ገባኝ» የሚያሰኘው ንባብ ሳምንቱን አይሻገርም ማለት ነው።

ስለዚህ ግማሽ ቀን ቁሚ አልኳት። የቆሻሻ መኪኖቹ መመላለስ ሳይጀምሩ፣ በማለዳ፣ ከአንድ የድሮ ፈተና 40 የሒሳብ ጥያቄ ሰዓት ተይዞላት ሠራች። በግምት የመለሰችው ላይ ነጥብ እንድታደርግ ነገርኳት። 17 አገኘች፤ ሦስቱ ግን ነጥብ ነበረባቸው። በእርግጥ የምታውቀው 14 ነው። ፊቷ ጠቆረ፤ እኔም ልቤ አዘነ።

የሳተቻቸውን 23 ጥያቄዎች ግን አንድ በአንድ ስናያቸው አንድ ዓይነት አልነበሩም። ዘጠኙን ጨርሶ አልተማረቻቸውም፤ አብዛኞቹ ከካልኩለስ ናቸው። ስድስቱን እያወቀች በችኮላ ስታለች፤ ምልክት ገልብጣ፣ «ያልሆነው የቱ ነው» የሚለውን «የሆነው» ብላ አንብባ። ስምንቱ ደግሞ ተምራቸው ጠፍተውባታል። ለምሳሌ log 2 + log 3 ን log 5 ብላለች፤ log 6 መሆኑን 11ኛ ክፍል ሳለች ታውቀው ነበር። ከ40 ግማሹ 20 ነው። ከስድስቱና ከስምንቱ፣ ማለትም ከ14ቱ፣ ግማሹን ብታስመልስ የ50 በመቶውን መስመር በግምት ሳይሆን በእውቀት ታልፋለች። በ2014 ፈተና ከተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ለምናስታውስ ሰዎች ይህ መስመር ትንሽ ነገር አይደለም።

ዘጠኙን እንተዋቸው ስላት አለቀሰች። እኔም ከባዱ እዚህ ላይ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ አስተማሪ ሆኖ «ይህን ተይው» ማለት ያማል።

ሌላም ችግር ነበር። ከ2014 ጀምሮ ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ይፈተኑ ነበር፤ ስልክ አይገባም ነበር። የእሷ ማስታወሻና የድሮ ፈተናዎች ደግሞ ስልኳ ውስጥ፣ ቴሌግራም ላይ ነበሩ። ሰባት ቀን የተባለው ጉዞው ሲቀነስ አምስት ሆነ። በየቀኑ ጠዋት ከጠፉባት አርእስት ሁለቱን መጽሐፍ ዘግታ በባዶ ወረቀት ትጽፋለች፣ ከዚያ ከፍታ ታርማለች፤ ከሰዓት ሌሎቹን ትምህርቶች በዚሁ መንገድ ታያለች። የሳተችውን በማግስቱ፣ ከዚያም በሦስተኛው ቀን ትደግማለች። ማታ አራት ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል።

በአራተኛው ቀን አይታው በማታውቀው ሌላ ፈተና 40 ጥያቄ ሠራች። 22 አገኘች፤ ነጥብ ያለበት አንድ ብቻ ነው። በችኮላ የሳተችው ሁለት ሆነ። የካልኩለሱ ጥያቄዎች እንደነበሩ ቀሩ። አንድ ምሽት ከእኔ ተደብቃ ዴሪቬቲቭ ስታጠና አምሽታ ነበር፤ ከዚያ አንዱንም አላገኘችም።

ተረቱ እዚያ ላይ እውነቱን ተናግሯል፤ በሩጫ መካከል አዲስ የታጠቀችው ተፈታ። ሎጋሪዝሙ ግን ቀድሞ ቆማ የታጠቀችው ነበር። ላልቶ ነው እንጂ አልወደቀም፤ ቆም ብላ ስታጠብቀው ያዘ።

ወደ ግቢ የምትሄድበት ጠዋት እናቷ በሶ ቋጥራላት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ለእናቷ ሰጠች፤ በእጇ የገለበጠቻቸውን አራት ወረቀቶች አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ሸጎጠች።